አሩን ኢንዲኬተር፦ መስመሩ ሲዘል ዋጋው ነው ወይስ የቀን ቆጠራው?

የገበያ ቻርት ላይ የሚጫኑ ብዙ ኢንዲኬተሮች፣ ማለትም ከዋጋ የሚሰሉ መለኪያዎች፣ ዋጋን ከዋጋ ጋር ያነጻጽራሉ። አሩን ግን የሚቆጥረው ቀን ነው። «የሰሞኑ ከፍተኛ ዋጋ ከታየ ስንት ቀን ሆነው? ዝቅተኛውስ?» ይላል። መልሱን ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ይሰጣችኋል። ዋጋው በስንት ዶላር እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ግድ የለውም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ገበያ ሽቅብ መሄድ ሲጀምር አዲስ ከፍታ ቶሎ ቶሎ ይነካል፤ የመጨረሻው ዝቅታ ደግሞ ቀን በቀን እየራቀ ይሄዳል። ቁልቁል ሲሆን ተቃራኒው ነው። ኢንዲኬተሩን በ1995 የሠራው ቱሻር ቻንዴ ስሙን ከሳንስክሪት ነው የወሰደው፤ ጎህ ሲቀድ የሚታየው ወገግታ ማለት ነው። ትሬንድን፣ ማለትም የገበያውን አቅጣጫ፣ ገና ሲነጋ ለመያዝ የታሰበ መሣሪያ ነው እንግዲህ።

አጫጫኑ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሰው የሚሳሳተው መስመሩ ለምን እንደዘለለ ሳያጣራ ሲገዛና ሲሸጥ ነው። ስለዚህ አንድ ቻርት ይዘን እንሄዳለን፦ የ500 ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ በ2020፣ ኮቪድ ገበያውን ሲጥለውና ገበያው መልሶ ሲነሳ። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ቻርቱ ላይ የሚወጡት እንደዚያ ነውና።

1. መጀመሪያ ስሌቱን በእጃችሁ ሥሩት

አሩን ሁለት መስመር አለው። «አፕ» ከፍተኛው ዋጋ ከታየ ወዲህ ያለውን ቀን ይከታተላል፣ «ዳውን» ደግሞ ዝቅተኛው ከታየ ወዲህ ያለውን። በ25 ቀን ስንሠራ ቀመሩ ይኸው፦

```
Aroon Up   = 100 * (25 - days since high) / 25
Aroon Down = 100 * (25 - days since low) / 25
```

ከፍተኛው ዋጋ የታየው ዛሬ ከሆነ ያለፈው ቀን 0 ነው፤ አፕ 100 ይሆናል። ከ5 ቀን በፊት ከሆነ 80። ከ25 ቀን በፊት ከሆነ 0። የሚቆጠረው ገበያ የዋለበት ቀን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል አይገቡም።

ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ላይ ለመሥራት የቀኑን ከፍተኛ ዋጋ ዓምድ B ላይ፣ ዝቅተኛውን C ላይ አስገቡ። የቆየው ቀን ከላይ፣ የዛሬው ከታች ይሁን። ከዚያ፦

```
=100*(MATCH(MAX(B2:B27),B2:B27,0)-1)/25
=100*(MATCH(MIN(C2:C27),C2:C27,0)-1)/25
```

ረድፎቹን ቁጠሩ። ከ2 እስከ 27 ድረስ 26 ናቸው እንጂ 25 አይደሉም። የዛሬው ቀን «0» ተብሎ ስለሚቆጠር ከኋላው ሌላ 25 ቀን ያስፈልጋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው 25 ረድፍ ብቻ ይዤ አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ። ቻርቱ ሌላ ይላል፣ የኔ ሺት ሌላ ይላል። ስህተቱን የምታውቁበት ምልክት አለው፦ 25 ረድፍ ብቻ ካስገባችሁ መስመሩ የፈለገ ቢሆን ከ96 አያልፍም። 100 ነክቶ የማያውቅ አሩን ካያችሁ አንድ ረድፍ ጎድሏችኋል።

2. ቻርቱ ላይ ጫኑት

ትሬዲንግቪው በሚባለው የቻርት ድረ ገጽ ላይ `SPX` ብላችሁ ክፈቱ፤ ቻርቱን የቀን አድርጉት። `Indicators` የሚለውን ተጫኑና `Aroon` ብላችሁ ፈልጉ። ሲመጣ ርዝመቱ 14 ሆኖ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ `Length` የሚለውን 25 አድርጉት። ካልነካችሁት ብርቱካናማው መስመር አፕ፣ ሰማያዊው ዳውን ነው።

ለምን 25? 14 ቀን ቶሎ ይሰማል፣ ቶሎም ይሳሳታል። የቀን ቻርት ላይ 25 ማለት ከአንድ ወር ትንሽ በለጥ ያለ ገበያ ነው፤ ለአዲስ ትሬንድ ፍለጋ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ዋናው ነገር ቁጥሩን በየሳምንቱ አለመቀያየር ነው።

3. ቁጥሩን ወደ ቀን መልሳችሁ አንብቡ

መጻሕፍቱ «ከ70 በላይ ጠንካራ፣ ከ30 በታች ደካማ» ይላሉ። በቃል ከመያዝ ወደ ቀን መመንዘሩ ይሻላል። በ25 ቀን አሩን ላይ ከ70 በላይ ማለት አዲሱ ከፍታ ወይም ዝቅታ የታየው ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ነው ማለት ነው። ከ50 በላይ ከሆነ ባለፉት 12 ቀናት ውስጥ ነው። ከ30 በታች ማለት ደግሞ ከታየ 18 ቀንና ከዚያ በላይ ሆኖታል።

አዲስ ወደ ላይ የሚሄድ ትሬንድ ጀመረ የሚባለው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው። አፕ ዳውንን ከታች ወደ ላይ ያቋርጠዋል። ከዚያ አፕ ከ50 በላይ፣ ዳውን ከ50 በታች ይሆናል። በመጨረሻ አፕ 100 ይነካል። ለወደ ታች ትሬንድ ስማቸውን ቀያይሩት። ሁለቱም መስመሮች ጎን ለጎን ከ50 በታች እየወረዱ ከሆነ ግን ከ12 ቀን በላይ አዲስ ከፍታም አዲስ ዝቅታም አልታየም። ገበያው አንድ ቦታ እየረገጠ ነው። ያኔ የሚታየውን መቋረጥ ሁሉ አትመኑት።

እስካሁን ያለው የትም ታገኙታላችሁ። አሁን ወደ ቻርቱ።

4. ፌብሩዋሪ 24፦ በ0.03 ነጥብ የመጣ ምልክት

ኤስ ኤንድ ፒ 500 ፌብሩዋሪ 19፣ 2020 እስከዚያ ያላየውን ከፍታ ነካ፤ የቀኑ መዝጊያ 3,386.15 ነበር። አፕ 100 ሆነ። የዚያን ጊዜ በ25 ቀኑ ውስጥ ዝቅተኛው ዋጋ የጃንዋሪ 31ዱ ነው፣ 3,214.68። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ የዋለባቸው ቀኖች 12 ናቸው፣ ስለዚህ ዳውን 52 ነበር።

አርብ ፌብሩዋሪ 21 አፕ 92፣ ዳውን 44። ገና ምንም አይታይም። ሰኞ ፌብሩዋሪ 24 ገበያው ተደረመሰ። የቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ 3,214.65 ሆነ። ከጃንዋሪ 31ዱ ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱ 0.03 ነጥብ ነው። ለአሩን ግን በቂ ነው። ዳውን ከ44 ተስፈንጥሮ 100 ገባ፣ አፕ 88 ነበርና መስመሮቹ ተቋረጡ። ምልክቱ ሲመጣ ገበያው ከመዝጊያ ከፍታው ገና 4.7 በመቶ ነው የወረደው። ማርች 23 ቀን 2,237.40 ላይ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ 30 በመቶ ይቀረው ነበር። ወገግታ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ቅንብሩን ትንሽ ቀይራችሁ ተመልከቱ። አንዳንዱ ሰው አሩንን በመዝጊያ ዋጋ ይሠራዋል፤ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ አይወስድም። የጃንዋሪ 31 መዝጊያ 3,225.52 ነበር፣ የፌብሩዋሪ 24 ደግሞ 3,225.89። በመዝጊያ ከሄድን ሰኞ አዲስ ዝቅታ አልታየም። ዳውን 40 ላይ ቁጭ ብሏል፤ ምልክት የለም። ምልክቱ የመጣው ማክሰኞ ነው፣ ገበያው ሌላ 3 በመቶ ወርዶ 3,128.21 ላይ ከተዘጋ በኋላ።

ስለዚህ ሌላ ሰው «አሩን ተቋረጠ» ሲላችሁ በምን እንደሠራው ጠይቁት። ከእነዚህ አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ሆኖ አይደለም። አሩን በ0.03 ነጥብ የመጣን ዝቅታና በ100 ነጥብ የመጣን ዝቅታ ለይቶ አያውቅም፤ ለሁለቱም 100 ይሰጣል። መጠኑን ማየት የእናንተ ሥራ ነው። የዚያን ሰኞ ካንድል፣ ማለትም ቻርቱ ላይ የአንድ ቀኑን ዋጋ የሚያሳየውን ምልክት፣ ያየ ሰው የዋጋውን መውደቅ አይስተውም። ካንድሉ ጠባብ ሆኖ በሽራፊ ቁጥር የተገኘ አዲስ ዝቅታ ቢሆን ግን አንድ ቀን ብትጠብቁ ይሻላል።

5. ሁለተኛው መስመር እስኪወርድ አትጠብቁ፣ በተለይ ገበያ ሲፈርስ

ጥንቁቅ ሰው «ዳውን 100 ይሁን፣ አፕም ከ30 በታች ይውረድ፣ ያኔ እሸጣለሁ» ይላል። መልካም ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ከፍታ ያላገኘ መስመር በ25 ቀን አሩን ላይ በቀን የሚወርደው 4 ነጥብ ብቻ ነው። ገበያው ተገለበጠም አልተገለበጠም፣ 4 ነው። ፍጥነቱን የወሰነው ስሌቱ ነው።

የፌብሩዋሪ 19 ከፍታ ላይ 100 የነበረው አፕ ከ30 በታች ለመግባት 18 የገበያ ቀን ፈጀበት። ያ ቀን ማርች 16 ነው። የዚያን ዕለት መዝጊያ 2,386.13 ነበር፤ ታችኛው ወለል የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከ50 በታች የገባውም ማርች 9 ነው፣ 2,746.56 ላይ። በፌብሩዋሪ 24 ምልክት ከሄደ ሰው ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ቀስ ብሎ በሚዞር ገበያ ይህ ማጣሪያ ይጠቅማል፤ ብዙ የውሸት ምልክት ያስቀርላችኋል። ከጣሪያ በቀጥታ ለሚወድቅ ገበያ ግን አይሆንም። እኔ የማደርገው፦ አንዱ መስመር ከ90 በላይ ቆይቶ ሌላው በአንድ ቀን 100 ከገባ፣ የምገዛውን ወይም የምሸጠውን ግማሹን በመቋረጡ፣ ግማሹን ደግሞ ቀሪው ማረጋገጫ ሲመጣ እይዛለሁ።

6. ኤፕሪል 16፦ ማንም ሳይነካው የዘለለ መስመር

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ቻርቱን ከፍታችሁ አብራችሁኝ እዩት።

ገበያው ማርች 23 ወለሉን ነክቶ መነሳት ጀመረ። ኤፕሪል 15 ላይ 2,783.36 ላይ ሲዘጋ ከወለሉ መዝጊያ 24 በመቶ ወደ ላይ ነው። አፕ ስንት ነበር? 0። ዜሮ። በ25 ቀኑ መስኮት ውስጥ ከፍተኛው ዋጋ የማርች 10ሩ 2,882 ገደማ ነበር፤ እሱ ደግሞ ልክ 25 ቀን ሞልቶታል። (ኤፕሪል 10 የፈረንጆቹ ስቅለት ስለነበር ገበያው ዝግ ነው፤ አትቁጠሩት።)

በማግስቱ ኤፕሪል 16 አፕ ከ0 ወደ 92 ተወረወረ። ዳውን 32 ስለነበር መስመሮቹ ተቋረጡ። መቋረጡን ብቻ የሚያነብ ሰው «በቃ፣ አዲስ ትሬንድ!» ይላል። ቆይ ግን፣ በዚያ ቀን ምን ሆነ? ምንም። የዕለቱ ከፍተኛ ዋጋ 2,806 አካባቢ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት ኤፕሪል 14 ላይ 2,851 ታይቷል። አዲስ ከፍታ አልተሠራም።

የሆነው ይሄ ነው። የማርች 10 ካንድል 26ኛ ቀኑ ላይ ከመስኮቱ ወጣ። ከፍተኛው ዋጋ ሲወጣ አሩን ቀጣዩን ፈለገ። የማርች 11ዱ 2,825 ነው፣ የኤፕሪል 14ቱ 2,851 ይበልጣል። ስለዚህ ከፍተኛው «ከ2 ቀን በፊት» ሆነ፤ 92። መስመሩን ያዘለለው የዛሬ ገዢ ሳይሆን ከወር በፊት የነበረ ካንድል መውጣት ነው።

እንዲህ ያለውን ዝላይ ለመለየት አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። የአሩን መስመር ወደ ላይ የሚሄደው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። ዛሬ አዲስ ከፍታ (ለዳውን ከሆነ አዲስ ዝቅታ) ከተሠራ በቀጥታ 100 ላይ ያርፋል። ከ100 በታች የሆነ ቦታ ካረፈ ግን፣ 92ም ይሁን 60 ወይም 12፣ አሮጌ ካንድል ወጥቶ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። በዚያው ወር ኤፕሪል 2 ላይም አፕ ከ0 ወደ 12 ብድግ ብሎ ነበር፤ እሱም የፌብሩዋሪ 26 ካንድል ስለወጣ ነው፣ ከዚያ ተመልሶ 0 ገባ።

በዓይናችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ትሬዲንግቪው ላይ `Date Range` የሚለውን መለኪያ ውሰዱና ከዘለለበት ካንድል 26 ካንድል ወደ ኋላ ሳቡ። የደረሳችሁበት ካንድል ጎረቤቶቹን የሚበልጥ ረጅም ጫፍ ካለው፣ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ መቋረጥ ይጣላል? አይጣልም፤ ይጠበቃል። የምትጠብቁት መስመሩ 100 እስኪነካ ነው። በኛ ቻርት ይህ የሆነው በማግስቱ ኤፕሪል 17 ነው። ገበያው 2,879 ነክቶ 2,874.56 ላይ ተዘጋ፤ አፕ 100፣ ዳውን 28። አሁን ከዋጋው የመጣ ምልክት አለ። ከወለሉ 28 በመቶ ከፍ ብሎ መጣ፤ እውነት ነው፣ ዘግይቷል። የ25 ቀን አሩን ከሹል ወለል ሲነሳ ሁልጊዜ እንዲህ ይዘገያል፤ የድሮዎቹ ከፍታዎች ከመስኮቱ ወጥተው እስኪያልቁ አፕ መተንፈሻ የለውም። የሆነ ሆኖ ጁን 8 ላይ ኢንዴክሱ 3,232.39 ላይ ተዘግቷል።

በነገራችን ላይ ሁለቱን መስመሮች ቀናንሶ አንድ የሚያደርግ አሩን ኦሲሌተር የሚባል አለ። ኤፕሪል 16 ላይ ብታዩት 60 ይላል፤ አፍ ያስከፍታል። አፕ 100 ላይ አርፎ ይሁን 92 ላይ ግን አይነግራችሁም። እኔ አልጠቀምበትም።

7. መውጫችሁን አሩን አይነግራችሁም

ኤፕሪል 17 በመዝጊያው ገዛችሁ እንበል። ሁለት የገበያ ቀን ቆይቶ ኤፕሪል 21 ኢንዴክሱ 2,736.56 ላይ ተዘጋ። ወደ 5 በመቶ ከስራችኋል። አሩንን ክፈቱት፤ አፕ 92፣ ዳውን 20። ከዚህ የተሻለ ወደ ላይ የሚሄድ ትሬንድ በመጽሐፍም አይሳልም። አልዋሸም፤ ከፍተኛው ከታየ 2 ቀን፣ ዝቅተኛው ከታየ 20 ቀን ነው። የእናንተን ኪሳራ የሚያይበት ዓይን ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ኪሳራው ሳይበዛ የሚያስወጣችሁ ትዕዛዝ፣ ከመግባታችሁ በፊት በዋጋ ይቀመጣል። እኔ በቅርቡ ገበያው ነክቶ ከተነሳበት ግልጽ ዝቅታ በታች አደርገዋለሁ፤ ርቀቱ ትልቅ ሲሆን የምገዛውን መጠን እቀንሳለሁ። ከአሩን የምወስደው የመውጫ ምልክት አንድ ብቻ ነው፦ ሌላኛው መስመር 100 ሲነካ። በገዛሁት ላይ ዳውን 100 ከገባ፣ የ25 ቀን ዝቅታ ተሠርቷል፤ የገባሁበት ምክንያት አብቅቷል።

8. የማይሠራበት ቦታ

ዋጋው ለቀናት ሳይነቃነቅ የሚቆይ አክሲዮን ላይ አትጫኑት። አንድ ዓይነት ከፍተኛ ዋጋ አምስት ቀን ከተደጋገመ የትኛው ይቆጠራል? ከላይ የሰጠኋችሁ የሺት ቀመር የመጀመሪያውን፣ ማለትም የቆየውን ይወስዳል። ሌላ ፕሮግራም የቅርቡን ሊወስድ ይችላል። ያው ዋጋ፣ ሁለት የተለያየ አሩን። በኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የያዛችሁት አክሲዮን በየቀኑ እየተገበያየ መሆኑን መጀመሪያ ተመልከቱ። 25 ቀን ውስጥ ስድስት ቀን ብቻ ግብይት ካለው፣ ቀን መቁጠሩ ትርጉም የለውም።

እንደ ቢትኮይን ሌት ተቀን የሚገበያይ ነገር ላይ ደግሞ 25 ካንድል 25 ሙሉ ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይገባሉ። ከአክሲዮን ጋር ተመሳሳይ የሳምንት ርዝመት ከፈለጋችሁ `Length` የሚለውን 35 አድርጉት። ያኔ ያልታደሰ መስመር በቀን የሚወርደው 4 ሳይሆን 2.9 ገደማ ነው፤ ከ30 በታች እስኪገባም 25 ቀን ይፈጅበታል።